እኔን መድኃኒቱ፣ ወንድሜን ልቡ፦ ስለ አምሎዲፒንና ስለ እግር እብጠት

እግሬ ያበጠው ግፊቴ አልወርድ ብሎ ሳለ አይደለም። ከወረደ በኋላ ነው። ግራ ያጋባኝም ይሄ ነው።

አስተማሪ ነኝ። ሃምሳዎቹን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ውሎዬ ቆሜ ነው። ግፊት እንዳለብኝ ሲነገረኝ ልኬቱ 168 በ102 ነበር። ጤና ጣቢያው አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ አዘዘልኝ። ከወር በኋላ ስለካ 150 በ94 ሆነ። ጥሩ ነው ግን አይበቃም ተባለና መጠኑ ወደ 10 ከፍ አለ። ያኔ ልኬቱ 128 በ80 ገባ። በጣም ደስ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ግን ማታ ማታ ጫማዬ ይጠበኝ ጀመር። ካልሲዬን ሳወልቅ የላስቲኩ ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ጣቴን ስጫን ስርጉድ ይላል፤ ቶሎም አይመለስም። ሁለቱም እግሮቼ እኩል ናቸው። ጠዋት ስነሳ ይጎድላል፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይሞላል።

በእኛ ሰፈር እግር አበጠ ማለት ልብ ወይም ኩላሊት ማለት ነው። ቡና ላይ እግሬን ያየች ጎረቤቴ «ይሄማ ልብ ነው፣ አባቴም እንዲህ ነበር የጀመራቸው» አለችኝ። የተናገረችው በቅንነት ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ያየኝ ባለሙያ እግሬን ተጫን ተጫን አደረገና ላሲክስ 40 ሚሊግራም፣ ጠዋት ጠዋት ብሎ ጻፈልኝ። ላሲክስ ፈሳሽ በሽንት የሚያስወጣው ፉሮሰማይድ ነው። አንድ ነገር ግን አልጠየቀኝም፦ «የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት አለ?» አላለም። ይህን ቢጠይቅ ኖሮ ቀጥሎ የመጣው ጣጣ ሁሉ ባልመጣ።

ላሲክሱ ሥራውን ሠርቷል። ክፍለ ጊዜ ሳይጠናቀቅ ተማሪዎቼን ጥዬ ሽንት ቤት እሮጣለሁ። ከተቀመጥኩበት ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል። ሌሊት ባቴ እየተኮማተረ ያስጮኸኛል። ቁርጭምጭሚቴ ግን እንዳበጠ ነው። ጥቂት ቀነስ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ማታ ላይ ስለካው ያው ነው። ባቴ ሲብስብኝ ደም ተመረመርኩና ፖታሲየሜ 3.1 ሆኖ ተገኘ። ቢያንስ 3.5 መሆን ነበረበት።

በዚህ ጊዜ ነው አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ የገባሁት። ወጣት ነው። የያዝኳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው ጠረጴዛው ላይ እንዳወጣ ጠየቀኝ። አምሎዲፒኑን አንስቶ መጠኑን አየና «እናቴ፣ ይሄ ወደ 10 ከፍ ያለው መቼ ነው? እብጠቱስ መቼ ጀመረ?» አለኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ለራሴም ተገለጠልኝ።

እሱ ግን በዚያ አልቆመም። ቀኑ ገጠመ ብሎ ልብን ማለፍ እንደማይቻል ነገረኝና የሚጠይቀኝን ጠየቀኝ። ጥያቄዎቹን ልንገራችሁ፤ ለማንም እግሩ ያበጠ ሰው ይጠቅማሉ።

መጀመሪያ ስለ ትንፋሽ ጠየቀኝ። ድሮ ሳላርፍ የምወጣው ዳገት ወይም ደረጃ አሁን ያቆመኛል? አያቆመኝም። በስንት ትራስ እተኛለሁ? በአንድ። ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል? ሌሊት ታፍኜ ነቅቼ መስኮት ከፍቼ አውቃለሁ? ኧረ በጭራሽ። ስተኛ ብቻ የሚመጣ ሳል አለኝ? የለኝም። ሆዴ ይነፋል፣ ጥቂት በልቼ ጥግብ እላለሁ? አልልም። ክብደቴስ? ይኸኛውን አላውቅም ነበርና እዚያው መዘነኝ። የግፊት መድኃኒቱን ስጀምር ካርዴ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል።

ክብደት ለምን እንደሚጠየቅ ያኔ ገባኝ። ልብ ሲደክም ሰውነት ደም ያነሰው ይመስለዋል። ኩላሊት ጨውና ውሃ ይይዛል፤ የተያዘው ውሃ ሚዛን ላይ ይወጣል። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ መጨመር ይቻላል። ሁለት ኪሎ ሥጋ ደግሞ በሦስት ቀን አይሠራም፤ ውሃ ነው። በአምሎዲፒን ያበጠ ሰው ግን ክብደቱ እምብዛም አይነቃነቅም። ምክንያቱም ትርፍ ውሃ አልያዘም። ያለው ውሃ ነው ቦታ የለወጠው።

ከዚያ አልጋው ላይ ደገፍ ብዬ እንድጋደም አድርጎ አንገቴን በጎን በኩል አየ። የአንገት ደም መልስ ስር የልብን የቀኝ ክፍል ግፊት ያሳያል። ልብ ደሙን መቀበል ሲያቅተው ስሩ ተወጥሮ ወደ መንጋጭላ ይወጣል። ከቀኝ ጎድኔ በታች ጉበቴ ላይ በእጁ ጫን ብሎ ቆይቶም ስሩን ተመለከተ፤ አልተነሳም። ጀርባዬን አዳመጠ፤ ሳንባዬ ግርጌ ላይ ውሃ ሲኖር የሚሰማው የስንጥቅጥቅ ድምፅ የለም። እብጠቱ የት ድረስ እንደሚወጣም በጣቱ እየተጫነ ለካ። ከቁርጭምጭሚት ጥቂት ከፍ ብሎ ያበቃል።

እኔ ደግሞ ስርጉድ ማለቱን እንደ ትልቅ ምልክት ይዤ ነበር። «ተጭነሽ ጎደጎደ ማለት ልብ ነው ማለት አይደለም፣ በመድኃኒቱም ይጎደጉዳል» አለኝ። ጠዋት መጉደሉም ብቻውን አያጽናናም። የልብ ድካምም ሲጀምር ማታ አብጦ ጠዋት ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ እግርን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። መልሱ ያለው ከእግር በላይ ነው፦ ትንፋሽ፣ አንገት፣ ሳንባ፣ ሆድ፣ ክብደት።

ሽንትና ክሪያቲኒን አዘዘ፤ ኩላሊቴ ደህና ነው፣ ሽንቴ ውስጥም ፕሮቲን የለም። የልብ ምትን የሚመዘግበውን ኢሲጂ ተነሳሁ፣ የልብ አልትራሳውንድ የሆነውን ኢኮም ተነሳሁ። ልቤ በአንድ ምት ከሞላው ደም 62 በመቶውን ያወጣል ተባለ። 55ና ከዚያ በላይ ደህና ነው። ሐኪሙ ግን ይህን ቁጥር ብቻ ይዤ እንዳልመካ ነገረኝ፤ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ልቡ በደንብ መላላት አቅቶት የሚደክም ሰውም አለ። እኔን ነጻ ያወጣኝ ኢኮው ከምርመራውና ከጥያቄዎቹ ጋር መግጠሙ ነው።

ታዲያ ልቤ ደህና ከሆነ መድኃኒቱ እግሬን ምን አድርጎ አሳበጠው? ያስረዳኝ እንዲህ ነው። አምሎዲፒን ግፊት የሚያወርደው ደም የሚያደርሱትን ትንንሽ ስሮች በማላላት ነው። ደሙን የሚመልሱትን ስሮች ግን ያን ያህል አያላላም። የመስኖ ቦይ አስቡ፤ መግቢያውን አስፍታችሁ መውጫውን እንደነበረ ብትተዉት ውሃው መሃል ላይ ሞልቶ ወደ ዳር ይፈሳል። በእግር ቀጫጭን የደም ስሮች ውስጥ የሚሆነውም ይሄው ነው። ግፊቱ መሃል ላይ ይበረታና ውሃው ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ቆሞ የሚውል ሰው ላይ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ወደ ታች ስለሚጫን እብጠቱ ቁርጭምጭሚት ላይ ይታያል።

ላሲክስ ለምን እንዳልሠራልኝ ከዚህ ይገባል። ላሲክስ የሚያስወጣው በሰውነት የተከማቸ ትርፍ ውሃና ጨው ነው። እኔ ትርፍ አልነበረኝም። ስለዚህ የሚያስፈልገኝን ውሃና ፖታሲየም ወሰደብኝ፤ ቦዩ ግን እንዳለ ነው።

መጠኑም ለውጥ ያመጣል። መድኃኒቱ ሲፈተን 5 ሚሊግራም ከወሰዱት ከመቶው ሦስቱ ገደማ፣ 10 ከወሰዱት ግን ከመቶው አሥራ አንዱ ገደማ እግራቸው አብጧል። ሴቶች ላይ ደግሞ ከወንዶች በእጥፍ በላይ ይበዛል። አስተማሪ፣ ሴት፣ 10 ሚሊግራም፤ በየት በኩል ሊያመልጠኝ!

ሐኪሙ ላሲክሱን አስቆመና አምሎዲፒኑን ወደ 5 መለሰው። ኢናላፕሪልም ጨመረልኝ። ይሄኛው መልስ ስሮችንም ስለሚያላላ መውጫውን ይከፍታል። ግፊቱንም ያወርዳል፣ እብጠቱንም ይቀንሳል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፖታሲየምና ክሪያቲኒን እንድመረመር አዘዘኝ፤ ኢናላፕሪል የጀመረ ሰው ይህን ምርመራ መዝለል የለበትም። ልጅ መውለድ የምታስብ ሴት ይህን መድኃኒት አትወስድም። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ደግሞ ወዲያው ማቆምና ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ነው። እኔ ላይ ያመጣው ደረቅ ሳል ነበር፤ ጉሮሮዬን እየኮረኮረ ማስተማር ከለከለኝ። ስነግረው ወደ ሎሳርታን ቀየረልኝ። ሎሳርታንም እብጠቱን ይቀንሳል፣ ሳሉ ግን ቆመ።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አምሎዲፒን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ግማሹ ብቻ እንኳ እስኪወጣ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። መጠኑን በቀነስኩ ማግስት እግሬን እያየሁ ተናድጄ ነበር። እብጠቱ በግልጽ የቀነሰው ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው።

ራሳችሁ ግን አታቁሙት። እግሬ አበጠ ብሎ መድኃኒቱን ጥሎ ግፊቱ የሚሰቀልበት ሰው ብዙ ነው። የእግር እብጠቱ ያስቀይማል እንጂ ልብ አይጎዳም፤ ያለ መድኃኒት የተተወ ግፊት ግን ልብንም ኩላሊትንም ጭንቅላትንም ይጎዳል። እስከ ቀጠሮው ድረስ ማታ ማታ እግርን ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ መተኛት ይረዳል። ሰው ለወገብና ለጉልበት ብሎ ከሚወጋው ዳይክሎፌናክም ተጠንቀቁ፤ እሱ ራሱ ውሃና ጨው ያስይዛል፣ ግፊትም ያነሳል።

ይህን ሁሉ ስማር ታሪኩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን ከእኔ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እሱም ግፊት አለበት። ለዓመታት አንዴ እየወሰደ አንዴ እየተወ የኖረ ሰው ነው። በኋላ በወጉ አምሎዲፒን ጀመረ፣ 5 ሚሊግራም። ለበዓል ስንገናኝ እግሩ አብጧል። ባለቤቱ ፈጠን ብላ «ያው እንዳንቺው መድኃኒቱ ነው፤ ቢቀንሱለት ይሻለዋል» አለችኝ። የእኔን ታሪክ ቤተሰቡ ሁሉ ስላወቀው ለእሱም መልስ ሆኖለት ነበር። ጋሼም ተረጋግቷል።

እኔ ግን ያ ወጣት ሐኪም የጠየቀኝን እዚያው ምግብ ላይ ጠየቅሁት። እንዴት ነው የምትተኛው? ሳቀ። ለካስ ከከረመ ሶፋ ላይ ተደግፎ ነው የሚያድረው። «ብርድ መታኝ፣ ጋደም ስል ያስለኛል» ይላል። ምግብ ላይም ሁለት ጉርሻ በልቶ ሳህኑን ገፋ፤ «ጨጓራዬ ነው» አለ። ከበር እስከ ሳሎን ያሉትን ጥቂት ደረጃዎች ወጥቶ ንግግሩን ለመጨረስ ቆም ብሎ ሲተነፍስ ደግሞ እኔው አይቼዋለሁ። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ሰፍቷል፤ ፊቱ ግን ከስቷል። እብጠቱም እንደኔ ቁርጭምጭሚት ላይ አልቆመም። ከጉልበቱ በታች ያለውን አጥንት ስጫነው እስከ ላይ ይጎደጉዳል።

ልብ በሉ፣ እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ስም ተሰጥቶታል። ሳሉ ብርድ፣ ሆዱ ጨጓራ፣ ትንፋሹ እርጅና፣ እግሩ መድኃኒት። አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ግን የልብ ድካም ናቸው። ጋደም ሲል ያስላል፣ ምክንያቱም ከእግሩ የሚመለሰው ውሃ ሳንባው ላይ ይተኛል። ቶሎ ይጠግባል፣ ምክንያቱም ጉበቱና አንጀቱ ራሳቸው አብጠዋል።

የበዓሉ ማግስት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። አንገቱ ላይ ስሩ ተወጥሮ ወደ ጆሮው እየደረሰ ነበር፤ ይህን እኔም ከአጠገቡ ቆሜ አየሁት። ሳንባው ግርጌ ያ የስንጥቅጥቅ ድምፅ አለ። ራጅ ላይ ልቡ ሰፍቷል። ኢኮው 30 በመቶ አለ። ለዓመታት ያልተያዘው ግፊት ልቡን አድክሞታል።

እሱ ላይ ላሲክስ የሠራውን ብታዩ! መጀመሪያ በመርፌ፣ ከዚያ በኪኒን። በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ኪሎ ወረደ፤ ሁሉም ውሃ ነው። ጋደም ብሎ መተኛት ቻለ። ያው መድኃኒት፣ ያው እግር ማበጥ፣ ፍጹም የተለያየ ውጤት። ይህን ስላችሁ ግን ላሲክስ ገዝታችሁ በራሳችሁ ላይ ሞክሩት ማለቴ አይደለም። የእኔን ፖታሲየም አውርዶብኛል፤ ፖታሲየም ከዚያም በታች ሲወርድ የልብ ምትን ያዛባል።

አምሎዲፒኑ ተነስቶለት ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎልና ስፓይሮኖላክቶን ጀመረ። ልቡን የሚደግፉት እነዚህ ናቸው። ላሲክሱ ውሃውን ይቀንሳል እንጂ ልቡን አያጠነክርም ተብሎ ተነግሮታል። ስለዚህ «አሁን አላበጥኩም» ብሎ የቀሩትን እንዳይተው ባለቤቱ በዓይነ ቁራኛ ትጠብቀዋለች።

ሚዛን ገዛንለት። ጠዋት ሽንቱን ሸንቶ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በስስ ልብስ ይመዘናል፤ ግድግዳው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ላይ ይጽፋል። በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመረ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይደውላል። አንዴ ፋሲካ አልፎ ሳምንቱ ላይ ጨምሮ ተገኘ። ጾም የተፈታበት ዶሮ ወጥና ጨው የበዛበት ቋንጣ ነበር ነገሩ። የመድኃኒቱ መጠን ተስተካክሎለት ሆስፒታል ሳይተኛ ተመለሰ።

እናንተም ቤት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው እግሩ ካበጠ፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሦስት ነገር ይዛችሁ ግቡ፦ መድኃኒቶቹን በሙሉ፣ መጠኑ የተቀየረበትን ቀን፣ ቢቻል ደግሞ የጥቂት ቀን የጠዋት ክብደት። ካልጠየቋችሁ ራሳችሁ ንገሩ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ጋደም ማለት ካቃተ፣ ደረት ከጨነቀ ግን ቀን መቁጠር የለም፤ በዚያው ቀን ነው። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ባት ካመመ ደግሞ መድኃኒቱም ልብም ላይሆን ይችላል፤ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል እሱም አያድርም። ጠዋት ፊትና የዓይን ቆብ የሚያብጥ፣ ሽንቱም የሚያረፋ ሰው ኩላሊቱን ያሳይ።

እኔ አሁን አምሎዲፒን 5ና ሎሳርታን ላይ ነኝ። ግፊቴ 130 ቤት ውስጥ ነው። ፈተና ስናስፈትን ቀኑን ሙሉ ቆሜ ከዋልኩ ማታ ቁርጭምጭሚቴ ትንሽ ይሞላል። ባለፈው ቀጠሮ ለሐኪሙ አሳየሁት። ተጫነው፣ አንገቴን አየ፣ መዘነኝ። «ጫማሽን ሰፋ አድርጊ» ብሎ የሦስት ወር መድኃኒት ጻፈልኝ።